ፍቺ የሚፈልግ ቃልና ምሳሌ የሚፈልግ ቃል፦ ከስላይድ የቃላት መፍቻ ሳወጣ የሠራኋቸው ስህተቶች

የሥነ ልቦና መግቢያ ኮርስ በወሰድኩበት ሰሚስተር ከሁሉም በላይ የደከምኩበት ምዕራፍ ስለ መማር የሚያወራው ነበር። ደወል በሰማ ቁጥር ምግብ ስለተከተለው በደወሉ ብቻ ምራቁን ማዝረብረብ የጀመረው የፓቭሎቭ ውሻ፣ የስኪነር ሳጥን፣ ሽልማትና ቅጣት፣ እነዚህ ሁሉ ያሉበት። ስላይዶቹ 58 ነበሩ። ከእነሱ 63 ቃላት አወጣሁ፤ ለእያንዳንዱ ፍቺ ጻፍኩ፤ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ሚድ ፈተናው ከዚህ ምዕራፍ 30 ጥያቄ ነበረው። 13 አገኘሁ።

ውጤቱን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት በደንብ አላነበብኩም ማለት ነው ብዬ ነው። ግን አንብቤ ነበር። አንዱን ቃል ጠርታችሁ ብትጠይቁኝ ፍቺውን ሳልንተባተብ እነግራችሁ ነበር። ያጣሁትን ለማወቅ የፈተና ወረቀቴን ይዤ መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እዚያ ቢሮ ውስጥ የገባኝን ነገር ሌላ ሰው ከፈተና በፊት እንዲያውቀው ስለምፈልግ ነው።

መምህሩ ከተሳሳትኳቸው ጥያቄዎች አንዱን መረጡ። አንድ ሰው ራሱን ሲያመው ክኒን ይውጣል፤ ሕመሙ ይተወዋል፤ ከዚያ ወዲህ ራሱን ባመመው ቁጥር ክኒን ይፈልጋል። ይህ የምን ምሳሌ ነው? እኔ የመለስኩት ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት ብዬ ነበር።

«የኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንትን ፍቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

«የማያስደስት ነገርን በማስወገድ አንድን ባህርይ ማጠናከር» አልኩ ወዲያው።

«ታዲያ እዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ተጨመረ? ምንስ ተወሰደ?»

ዝም አልኩ። ሕመሙ ነው የተወሰደው። ፍቺው በአፌ ነበር፤ ታሪኩ ውስጥ ተደብቆ ሲመጣ ግን አላየሁትም። የሰውየው ነገር በጥሩ ስላለቀ ብቻ ፖዘቲቭ አልኩት። ኔጌቲቭ የሚለውን ቃል በልቤ «አሉታዊ» ብዬ ተርጉሜው ስለነበር መጥፎ ነገር እየፈለግኩ ነበር። በዚህ ትምህርት ግን ፖዘቲቭ ማለት መጨመር፣ ኔጌቲቭ ማለት መቀነስ ነው። ጥሩና መጥፎ የሚባል ነገር የለበትም።

ከዚያ አብረን ቆጠርን። ካጣኋቸው 17 ጥያቄዎች 14ቱ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ነበሩ። ቃሉ አልተጠራም፤ ሁኔታው ተነግሮ «ይህ የትኛው ነው?» ተብሎ ነው የተጠየቀው። «አንቺ ለሁሉም ቃል አንድ ዓይነት ሥራ ሰጥተሻል» አሉኝ። «አንዳንዱ ቃል ፍቺ ነው የሚፈልገው። አንዳንዱ ግን ምሳሌ ካላየሽበት አይታወቅም።»

የቃላት ዝርዝሬን እንደገና ለመሥራት ወሰንኩ። ቁጭ ስል ግን ችግሩ ቃላቱን ከመለየቴ በፊት፣ ከማውጣቴ ጀምሮ እንደነበረ አየሁ።

ቃላቱን ያወጣሁት ፓወርፖይንቱን በአውትላይን ቪው ከፍቼ ጽሑፉን በመቅዳት ነበር። ፈጣን ዘዴ ነው። ግን አውትላይን ቪው የሚያሳየው የስላይዱን ርዕስና በዋናው የጽሑፍ ቦታ የተጻፈውን ብቻ ነው። መምህሩ ለብቻው በቴክስት ቦክስ የጻፉት፣ ሥዕል ላይ የተለጠፈ ስያሜ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ቃል አይወጣም። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው! የፓቭሎቭ ሙከራ በሦስት ደረጃ የተሣለበት ስላይድ፣ ሽልማትና ቅጣት በአራት ሳጥን የተከፈለበት ሠንጠረዥ፣ ሁለቱም ዝርዝሬ ውስጥ አልነበሩም። ከስላይዱ ሥር የሚጻፈውን የመምህሩን ማስታወሻም አላየሁም። ስላይዱ በፒዲኤፍ ከተሰጣችሁ ደግሞ ማስታወሻው አብሮ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ መምህራችሁን ዋናውን ፋይል ጠይቁ።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን በአውትላይን እቀዳለሁ። ቀጥዬ ስላይዶቹን አንድ በአንድ እየገለጥኩ ሥዕልና ሠንጠረዥ ብቻ እመለከታለሁ፤ እዚያ ያገኘሁትን ቃል በእጄ እጨምራለሁ። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የስላይዱን ቁጥር እጽፋለሁ። ይህች ቁጥር ትንሽ ነገር ትመስላለች። ኋላ ላይ «ይሄ ቃል ከምን ጋር ነበር የመጣው?» ብላችሁ ስትጨነቁ ግን እሷው ናት የምታድናችሁ።

ከዚያ ማጥራት አለ። የእኔ 63 ቃላት ውስጥ 9ኙ ድግግሞሽ ነበሩ። በሽልማትና በቅጣት መማርን የሚሰይሙትን ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግና ኢንስትሩመንታል ኮንዲሽኒንግን እንደ ሁለት ነገር ይዤ፣ ለሁለቱ የተለያየ ፍቺ ስሸመድድ ነበር። በመግቢያ ኮርስ ደረጃ ሁለቱ የአንድ ነገር ስሞች ናቸው። በምህጻረ ቃልና በሙሉ ስሙ ሁለት ጊዜ የገባም ነበረ። ሌሎች 5 ቃላት ደግሞ በደማቁ ስለተጻፉ ብቻ ያስገባኋቸው ተራ ቃላት ናቸው። 49 ቀረ። ከሥዕሎቹ፣ ከሠንጠረዡና ከማስታወሻው 7 ጨመርኩ። 56 ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ቃል ፍቺ ይፈልግ ወይም ምሳሌ ይፈልግ በምን ይታወቃል? እኔ መጀመሪያ በስሜት ነበር የለየሁት። ከባድ የመሰለኝን ሁሉ ምሳሌ ይፈልጋል፣ ቀላል የመሰለኝን ፍቺ ይበቃዋል አልኩ። ይህ አልሠራም። ክብደት መለኪያ አይደለም።

የሠራልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ይህን ቃል ሳልጠራ ታሪክ ነግሬ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ሰው መጠየቅ እችላለሁ? ከቻልኩ፣ ፈታኙም ይችላል። ስለዚህ ቃሉ ምሳሌ ይፈልጋል። ሁለተኛ ምልክት ደግሞ አለ፤ ቃሉ በቀላሉ የሚምታታበት ጎረቤት ካለው ምሳሌ መፈለጉ አይቀርም። ታሪክ ሊሠራለት የማይችል፣ ጥያቄው ሁሉ «ምን ያካትታል፣ ምን አያካትትም» የሚል ከሆነ ግን ፍቺ ነው የሚፈልገው።

በዚህ መለኪያ ከ56ቱ ቃላት 24ቱ ፍቺ፣ 26ቱ ምሳሌ፣ 6ቱ ሁለቱንም የሚፈልጉ ሆኑ። በፊት ለሁሉም ቃል ፍቺ ብቻ ነበር የምይዘው።

ከፍቺዎቹ ልጀምር፤ እነሱም ቢሆኑ ወጥመድ አላቸው። የስላይድ ጽሑፍ ፍቺ አይደለም። መምህሩ ቆመው ሲያስረዱ የሚንጠለጠሉበት አጭር ሐረግ ነው። «መማር» በሚለው ስላይድ ላይ የተጻፈው «ዘላቂ ለውጥ፣ ልምድ» የሚል ብቻ ነበር። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። ሙሉው ፍቺ ግን መማር ማለት ከልምድ የተነሣ የሚመጣ፣ በአንጻራዊነት ዘላቂ የሆነ የባህርይ ለውጥ ነው ይላል። እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል አንድ ነገር ያስወጣል። «ከልምድ የተነሣ» የሚለው በዕድገት ብቻ የሚመጣ ለውጥን ያስወጣል፤ ልጅ ቁመቱ ስለጨመረ መደርደሪያው ላይ መድረሱ መማር አይደለም። «ዘላቂ» የሚለው ደግሞ ድካምን ያስወጣል፤ ሰው ሲደክመው ቀስ ብሎ መሥራቱ መማር አይደለም፤ ሲያርፍ ይመለሳልና።

ስለዚህ የፍቺ ካርድ ስሠራ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ሥር «ይህ ምን ያስወጣል?» ብዬ አንድ መስመር እጽፋለሁ። መልስ ካጣሁ ፍቺው ጎድሏል ማለት ነው። ያኔ ወደ መማሪያ መጽሐፉ እሄዳለሁ። ኤክስቲንክሽንን በዚህ መንገድ ነው የያዝኩት። ስላይዱ «ምላሹ ይጠፋል» ይላል፤ ለምን እንደሚጠፋ አይልም። መጽሐፉ ግን ምክንያቱን ይነግራል። ደወሉ ምግብ ሳይከተለው ደጋግሞ ሲደወል ውሻው በደወሉ ምራቁን ማዝረብረቡ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህች ምክንያት ከሌለች ኤክስቲንክሽንን ከመርሳት መለየት አይቻልም። መርሳት ዝም ብሎ ጊዜ ሲያልፍ ነው የሚመጣው፤ ኤክስቲንክሽን ግን ደወሉ ብቻውን ሲደጋገም ነው።

ምሳሌ የሚፈልጉት ላይ የበለጠ ጊዜ ወሰድኩ፤ የበለጠም ተሳሳትኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ የስላይዱን ምሳሌ መሸምደድ ነበር። ለክላሲካል ኮንዲሽኒንግ፣ አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ተጎዳኝቶ ምላሽ ማምጣት ለሚጀምርበት የመማር ዓይነት፣ የፓቭሎቭን ውሻ ያዝኩ። ፈታኙ ግን የፓቭሎቭን ውሻ አያመጣም፤ ሁላችንም እንደምናውቀው ያውቃል። ስለዚህ የራሴን ምሳሌ መሥራት ነበረብኝ። የጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያን መረጥኩ። ሰው አንዴ ካመመው በኋላ ድምፁን ሲሰማ ብቻ ሰውነቱ ይወጠራል። ከዚያ የፓቭሎቭን ሥዕል አራት ስያሜዎች፣ ያልተማርነውንና የተማርነውን ቀስቃሽ፣ ያልተማርነውንና የተማርነውን ምላሽ፣ ልደለድል ስል ተደናገርኩ። መቦርቦሪያው ሳይማሩት ምላሽ የሚያመጣው ቀስቃሽ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስህተት ነው። መቦርቦሪያው ሁለት ነገር ያመጣል፤ ሕመምና ድምፅ። ሳይማሩት የሚያስደነግጠው ሕመሙ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከሕመሙ ጋር ስለተጎዳኘ ነው ትርጉም ያገኘው። ስለዚህ ድምፁ የተማርነው ቀስቃሽ ነው፤ በሕመሙ የሚመጣው መወጠር ያልተማርነው ምላሽ፣ በድምፁ ብቻ የሚመጣው መወጠር ደግሞ የተማርነው ምላሽ ነው።

ይህን ስህተት ሳርም አንድ ሰዓት ሙሉ ፍቺ በመድገም ያላገኘሁትን አገኘሁ። ዕቃውን ሳይሆን ከዕቃው የሚወጣውን ነገር መለየት እንዳለብኝ ገባኝ። ምሳሌ ስትሠሩ ብትሳሳቱ አትናደዱ። የተሳሳታችሁበትን ቦታ እዚያው ካርዱ ላይ ጻፉት፤ ፈተናው የሚነካችሁ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ለእያንዳንዱ ቃል ለብቻው ምሳሌ መፈለጌ ነው። ለፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት ስለ ተማሪ፣ ለኔጌቲቩ ስለ መኪና ቀበቶ፣ ለቅጣቱ ስለ ውሻ። እያንዳንዱ ትክክል ነው። ግን ተማሪ ባየሁ ቁጥር ፖዘቲቭ፣ መኪና ባየሁ ቁጥር ኔጌቲቭ ማለት ጀመርኩ። የያዝኩት ታሪኩን እንጂ ልዩነቱን አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ሰውና አንድ ቤት ይዤ አራቱንም እዚያው ሠራሁ። ልጁ የቤት ሥራውን ሠራ፣ ከረሜላ ተሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ መሥራቱ ጨመረ፤ ይህ ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። የቤት ሥራውን ሠራ፣ የማይወደው ዕቃ ማጠብ ቀረለት፣ መሥራቱ ጨመረ፤ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት። እህቱን መታ፣ ተቆጡት፣ መማታቱ ቀነሰ፤ ፖዘቲቭ ፐኒሽመንት። እህቱን መታ፣ ስልኩ ተወሰደበት፣ መማታቱ ቀነሰ፤ ኔጌቲቭ ፐኒሽመንት። ቤቱ ያው፣ ልጁ ያው ስለሆነ ዓይኔ የሚያርፈው በሁለት ነገር ላይ ብቻ ነው። ነገሩ ተጨመረ ወይስ ተወሰደ? ባህርዩስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

ቀጥሎ አንድ ጓደኛዬ የነገረችኝ ታሪክ ደግሞ የጎደለኝን ሞላልኝ። ሕፃኑ ያለቅሳል። እናቱ ዝም እንዲል ስልኳን ትሰጠዋለች። ዝም ይላል። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ያለቅሳል፤ እናቱም ቶሎ ቶሎ ስልክ ትሰጣለች። «ይሄ የትኛው ነው?» አለችኝ። ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት አልኩ። «የማን ባህርይ?» አለችኝ። ለካ መልሱ ሁለት ነው! የሕፃኑን ማልቀስ ያጠናከረው የተጨመረለት ስልክ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ፖዘቲቭ ነው። የእናትየዋን ስልክ መስጠት ያጠናከረው ግን የተወገደላት ለቅሶ ነው፤ ለእሷ ኔጌቲቭ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ታሪክ ሲመጣ በመጀመሪያ «የማን ባህርይ ነው የተጠየቀው?» እላለሁ። አራቱን ሳጥን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽልማቱ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስኑት የሽልማት መርሐ ግብሮችም በዚሁ መንገድ ነው የተፈቱልኝ። ሽልማቱ በሙከራ ብዛት ሲሆን ሬሾ፣ በጊዜ ሲሆን ኢንተርቫል ይባላል። ብዛቱ ወይም ጊዜው ቋሚም ተለዋዋጭም ሊሆን ስለሚችል አራት ይሆናሉ። እኔ ግን መልእክት መጣ ወይ እያሉ ስልክ መነካካትን ተለዋዋጭ ሬሾ ብዬ መዝግቤው ነበር፤ እንደ ቁማር ማሽን መቼ እንደሚሳካ አይታወቅምና። ልዩነቱን ያሳየኝ አንድ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ብሞክር ቶሎ አገኛለሁ? ቁማር ማሽኑን አሥር ጊዜ የጎተተ ሰው አንድ ጊዜ ከጎተተው ይልቅ የማግኘት ዕድሉ ይበልጣል፤ ሬሾ ነው። መልእክቱ ግን አሥር ጊዜ ስለከፈትኩ አይመጣም፤ የሚመጣው ላኪው ሲልከው ነው። ስለዚህ ተለዋዋጭ ኢንተርቫል ነው። አሁን ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ካርድ ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣቸው። ምሳሌ ብቻውን አይበቃም፤ ከጎኑ የሚመስለው ግን ያልሆነው መኖር አለበት።

የካርዶቹን አሠራርም እንደየወገናቸው ለየሁት። የፍቺ ካርድ ፊቱ ላይ ቃሉ፣ ጀርባው ላይ ፍቺው ይጻፋል። የምሳሌ ካርድ ግን ይገለበጣል። ፊቱ ላይ ታሪኩ ነው ያለው፤ ቃሉ ጀርባው ላይ፣ «ለምን?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበት። በፊት ሁሉም ካርዴ ቃሉን ፊቱ ላይ ይዞ ስለነበር እኔ የተለማመድኩት ከቃል ወደ ፍቺ መሄድን ብቻ ነው። ፈተናው ደግሞ ከታሪክ ወደ ቃል ነው የሄደው። ካርዱን ስትሠሩ ታሪኩ ውስጥ ቃሉን የሚያሳብቅ ነገር እንዳይኖር ተጠንቀቁ። «ሽልማት ተሰጠው» ብላችሁ ከጻፋችሁ መልሱን ሰጥታችኋል። «ከረሜላ ሰጡት» በሉ።

ጊዜውንም ልንገራችሁ፤ ለመጀመር የሚያስፈራው እሱ ስለሆነ። ቃላቱን ማውጣትና ማጥራት አንድ ምሽት ወሰደብኝ። መለየቱ ከአንድ ሰዓት አላለፈም። ምሳሌዎቹን መሥራት ግን ሦስት ምሽት ፈጀ። ጊዜ ካጠራችሁ ለ26ቱም አትሥሩ። የሚምታቱ ጎረቤቶች ካሏቸው ጀምሩ፤ በዚህ ምዕራፍ እነሱ አራቱ የሽልማትና የቅጣት ሳጥኖች፣ አራቱ የፓቭሎቭ ስያሜዎችና አራቱ መርሐ ግብሮች ናቸው። የሠራችሁትን ምሳሌ ደግሞ ለብቻችሁ አትመኑት። እኔና ጓደኛዬ ካርድ ተለዋውጠን ስንጠያየቅ ከእኔ ካርዶች ሦስቱ ሁለት መልስ የሚቀበሉ ሆነው ተገኙ። ሦስቱም ባህርዩ ይጨምር ይቀንስ ያልጻፍኩባቸው ነበሩ። «ልጁ አጠፋ፣ ተቆጡት» ብቻ ብሎ ማቆም ቅጣት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቁጣው ትኩረት ሆኖለት ጥፋቱን ሊጨምር ይችላልና።

በፋይናሉ ከዚህ ምዕራፍ 12 ጥያቄ መጣ። 10 አገኘሁ። ካጣኋቸው ሁለት አንዱ ስፖንቴንየስ ሪከቨሪ ነበር። ይህን ቃል ፍቺ ብቻ ከሚፈልጉት ጋር መድቤው ነበር፤ የጠፋ ምላሽ ከእረፍት በኋላ ተዳክሞ መመለሱ ነው፣ ሌላ ምን ታሪክ ይኖረዋል ብዬ። ጥያቄው ግን ታሪክ ሆኖ መጣ። ውሻ ይፈራ የነበረ ልጅ ከማይናከስ ውሻ ጋር ደጋግሞ ቆይቶ ፍርሃቱ ጠፋ፤ ከሳምንታት በኋላ ውሻ ሲያይ እንደገና ትንሽ ፈራ። እኔ እንደ አዲስ ተማረ ብዬ መለስኩ። በመሀል ምንም አዲስ ነገር እንዳልደረሰበት፣ ጊዜ ብቻ እንዳለፈ አላስተዋልኩም። ያን ቀን ማታ ካርዱን አውጥቼ ገለበጥኩት። ፊቱ ላይ የልጁን ታሪክ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ልጁን መሀል ላይ ሌላ ውሻ የነከሰበትን ሁለተኛ ታሪክ ጨመርኩ።